የአማርኛ ጥያቄ መላሽ እየሠራሁ፦ ለምን በኤምአርአር እንደምለካው

ሰኞ

ሥራው ይሄ ነው። ከአማርኛ ዊኪፔዲያ የታሪክና የጂኦግራፊ አንቀጾች ሰብስቤ፣ ሰው በቴሌግራም ጥያቄ ሲልክ መልሱ ያለበትን አንቀጽ ፈልጎ የሚያመጣ ቦት እየሠራሁ ነው። መልሱን ራሱን ገና ቆርጦ አያወጣም። አምስት አንቀጽ በደረጃ ደርድሮ ይልካል፣ ሰውየው ከላይ ጀምሮ ያነባል፣ መልሱን ሲያገኝ ስልኩን ኪሱ ይከታል። አለቀ።

ፈላጊው ለጊዜው ተራ ቢኤም25 ነው። በጥያቄው ውስጥ ያሉት ቃላት በየትኛው አንቀጽ ውስጥ ስንቴ እንደሚገኙ፣ ቃሉ ብርቅ ነው ወይስ በየቦታው የሚገኝ፣ አንቀጹ ረጅም ነው አጭር፣ እነዚህን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ገና ብዙ የማሻሽለው አለ። ግን ከማሻሻሌ በፊት መለኪያ ያስፈልገኛል፣ አለበለዚያ ዛሬ አንዱን ነገር ነክቼ "የተሻለ ይመስላል" ስል ነገ ሌላውን ነክቼ እንደዛው ስል መክረሜ ነው።

የመረጥኩት ኤምአርአር ነው፣ የደረጃ ግልባጭ አማካይ ማለት ነው። ስሌቱ የዋህ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ስንተኛ ላይ እንደመጣ ታያለህ፣ አንድን ለዚያ ቁጥር ታካፍላለህ። አንደኛ ላይ ከመጣ 1፣ ሁለተኛ ላይ ከመጣ 0.5፣ ሦስተኛ ላይ 0.33፣ አራተኛ ላይ 0.25፣ አምስተኛ ላይ 0.2። ከአምስቱ ውስጥ ከሌለ ዜሮ። ከዚያ የሁሉንም ጥያቄዎች አማካይ ትወስዳለህ። ከመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ በታች ያለውን ዞር ብሎም አያየውም።

```python
def rr(hits, k=5):
    for i, ok in enumerate(hits[:k], start=1):
        if ok:
            return 1 / i
    return 0.0

def mrr(runs, k=5):
    return sum(rr(h, k) for h in runs) / len(runs)
```

`hits` ማለት ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የ"አዎ/አይ" ዝርዝር ነው። እዚህ አጭር ኮድ ውስጥ ልብ መባል ያለበት መስመር የመጨረሻው ነው፤ የምናካፍለው ለጥያቄዎቹ ሁሉ ብዛት ነው፣ መልስ ለተገኘላቸው ብቻ አይደለም። መልስ ያልተገኘላቸውን ከታህቱ ብታስወጣቸው ቁጥሩ ወዲያው ያምርልሃል። ከዚያም የባሰ፣ ከባድ ጥያቄ ላይ ምንም የማያመጣ ፈላጊ አራተኛ ላይ ከሚያመጣው የበለጠ ነጥብ ያገኛል። በሰው ኮድ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፣ ሲታይም በቀላሉ አይያዝም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ አሁንም በ0 እና በ1 መካከል ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል።

ማክሰኞ

ዶክመንት ፍለጋ ላይ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ። ኤምአርአር እንደምጠቀም ስነግረው ሳቀ። "ሁሉም ሰው ኤንዲሲጂ እየተጠቀመ አንተ ምን ነካህ? አንዱን መልስ አይቶ ሌላውን የሚጥል መለኪያ እኮ ነው!" አለኝ። ኤንዲሲጂ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ትክክለኛ መልሶች ሁሉ ይቆጥራል፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ነጥባቸውን ይቀንሳል።

አዎ፣ ይጥላል። የምፈልገውም እሱኑ ነው። ወረቀት አውጥተን አሰላነው።

ጥያቄው "የአድዋ ጦርነት የተካሄደው መቼ ነው?" ይሁን። በስብስቡ ውስጥ 1888 ዓ.ም መሆኑን የሚነግሩ አንቀጾች አራት ናቸው እንበል። ሁለት ፈላጊዎች አሉ። ፈላጊ "ሀ" አንደኛ ላይ ስለ አድዋ ከተማ የሚያወራ አንቀጽ ያመጣል፤ ከተማዋ የት እንዳለች ይናገራል፣ ስለ ጦርነቱ ዓመት ግን ምንም የለውም። ይሄ በቢኤም25 የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አንቀጹ አጭር ሆኖ "አድዋ" የሚለው ቃል ሲደጋገምበት ወደ ላይ ይወጣል። ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ያሉት ግን አራቱም ትክክለኛ ናቸው። ፈላጊ "ለ" ደግሞ አንደኛ ላይ ትክክለኛውን ያመጣል፣ ከዚያ በታች ያሉት አራቱ ገለባ ናቸው።

```
      P@5    AP     nDCG@5   RR
ሀ     0.80   0.68   0.76     0.50
ለ     0.20   0.25   0.39     1.00
```

P@5 የተባለው ፕሪሲዥን "ሀ"ን መረጠ፣ ከአምስቱ አራቱ ትክክል ናቸውና። AP ማለትም አማካይ ፕሪሲዥን፣ በየትክክለኛው አንቀጽ ቦታ ላይ ያለውን ፕሪሲዥን አማካይ የሚወስደው፣ እሱም "ሀ"ን መረጠ፣ ኤንዲሲጂም እንደዚያው። "ለ" ከአራቱ ሦስቱን ስላላመጣቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ክፉኛ ቀጡት። "ለ"ን የመረጠው RR፣ የደረጃው ግልባጭ፣ ብቻ ነው። አሁን ቴሌግራም ላይ ጥያቄውን የላከውን ሰው አስበው። በ"ሀ" መጀመሪያ የማያስፈልገውን አንቀጽ ያነባል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አንቀጽ 1888 ብለው ሲደግሙለት ምንም አዲስ ነገር አላገኘም። በ"ለ" የመጀመሪያውን አንብቦ ጨርሷል። ከታች ያለው ገለባ አይደርስበትም፣ ስለዚህ አልጎዳውም።

ጓደኛዬ ይሄን አይቶ "እኔ ጋ እኮ ሰውዬው ጠበቃ ነው፣ ሃያ ውሳኔ ነው የሚፈልገው" አለ። ልክ ነው፣ የእሱ ሥራ ሌላ ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ያለውን ሁሉ ሲሰበስብ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰነድ ዋጋ አለው፣ አንዱ ሰነድ "በጣም ጠቃሚ" ሌላው "ትንሽ ጠቃሚ" ሊሆን ይችላል፣ ኤንዲሲጂ የተሠራውም ለዚያ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን አንድ መልስ ነው ያለው። ሁለተኛ ቅጂ ዋጋ የለውም።

በነገራችን ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛው አንቀጽ አንድ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ግማሹ ይጠፋል። ያን ጊዜ አማካይ ፕሪሲዥን እና የደረጃው ግልባጭ አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው፣ ልዩነት የላቸውም። ኤንዲሲጂም ያው የመልሱን ቦታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ግን ቅጣቱ ለስለስ ይላል፤ ሁለተኛ ላይ 0.63፣ አምስተኛ ላይ 0.39 ይሰጣል። የእኛው 0.5 እና 0.2 ነው። በስልክ ስክሪን አምስተኛውን አንቀጽ ለማየት ስንቴ ወደ ታች መግፋት እንዳለብህ ካሰብክ፣ ለአምስተኛው ቦታ 0.39 መስጠት ለእኔ ቸርነት ነው።

ማክሰኞ ማታ

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ይሄኛው የስንፍና ነው ብትሉኝ አልቀየምም። አማካይ ፕሪሲዥንን በትክክል ለማስላት በስብስቡ ውስጥ ያሉትን ትክክለኛ አንቀጾች *ሁሉ* ማወቅ አለብኝ። ለአድዋ አራት ናቸው ያልኩት ስለደነገግኩት ነው፤ በእውነተኛው ስብስብ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ስለ ምኒልክ፣ ስለ ጣይቱ፣ ስለ ራስ አሉላ፣ ስለ ጣልያን የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ሊኖርብኝ ነው። ለኤምአርአር ግን ከላይ ጀምሬ እያነበብኩ የመጀመሪያው ትክክለኛ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መለኪያው በጥያቄ መላሾች ዘንድ የታወቀውም ከዚሁ ከሚመሳሰል ሥራ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በሚያዘጋጀው ትሬክ በተባለው የፍለጋ ውድድር ላይ፣ ኤለን ቮርሂስ የምትመራው የጥያቄና መልስ ዘርፍ ተጀመረ። 200 ጥያቄዎች ተዘጋጁ፣ በመጨረሻ 198ቱ ተቆጠሩ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለአንድ ጥያቄ አምስት አጫጭር ቁራጭ ጽሑፎችን በደረጃ ያቀርባል፣ ቁራጩ በአንዱ ምድብ ከ50 ባይት፣ በሌላው ከ250 ባይት አይበልጥም። ነጥቡ የመጀመሪያው ትክክለኛ ቁራጭ ደረጃ ግልባጭ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ማለት ነው፣ በቁራጭ ፋንታ አንቀጽ ይሁን እንጂ።

ጉድለቱንም ያኔውኑ አንስተውታል። አንድ ጥያቄ ሊያገኝ የሚችለው ስድስት ዓይነት ነጥብ ብቻ ነው። የተለያዩ ትክክለኛ መልሶችን ለሚያመጣ ተጨማሪ ነጥብ የለም። "አላውቅም" ለሚልም ሽልማት የለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ለአንድ ጥያቄ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ብቻ ወደ መቀበል ሲዞር ኤምአርአር ከዋናው ዘርፍ ወጣ። የሚደረደር ነገር ከሌለ የደረጃ መለኪያ ምን ይሠራል።

ረቡዕ

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ጥያቄዎች አሉኝ፣ እዚህ ግን በእጅ የሚሰላ እንዲሆን አምስቱን ብቻ ላሳያችሁ። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ሳይዋሃዱ፣ የ፣ በ፣ ከ፣ ለ የመሳሰሉት ቅጥያዎች ሳይነሱ፣ ጥሬው ፈላጊ ያመጣው ደረጃ ይሄ ነው፦

```
የአድዋ ጦርነት የተካሄደው መቼ ነው?                      2
አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በስንት ዓ.ም ነው?               -
ላሊበላ ውስጥ ስንት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ?               3
የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው የት ከተማ ነው?             4
በላይ ዘለቀ ጠላትን የተዋጋው የት ክፍለ ሀገር ነው?                1
```

0.5 + 0 + 0.333 + 0.25 + 1 = 2.083። ለአምስት ሲካፈል 0.417።

ይሄን ግን ያገኘሁት በዓይኔ አንብቤ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሲዳኝ ሌላ ቁጥር ነበር የሰጠኝ፦ 0.70። የሁለቱን ልዩነት ማወቅ ከመለኪያ ምርጫው የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

ፕሮግራሙ የሚዳኘው እንዲህ ነው፤ መልሱን በጽሑፍ እሰጠዋለሁ፣ አንቀጹ ውስጥ ካለ "አዎ" ይላል። የላሊበላው መልስ 11 ነው። አንደኛ ላይ የመጣው አንቀጽ ስለ ዛጔ ዘመን ያወራል፣ ስለ ውቅሮቹ ብዛት አይናገርም፣ ግን "11ኛው ክፍለ ዘመን" የሚል አለበት። ፕሮግራሙ 11ን አየ፣ "አዎ" አለ፣ 1 ነጥብ። እውነተኛው መልስ ሦስተኛ ላይ ነው ያለው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅቱ ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። አንደኛ ላይ የመጣው ስለ አፍሪካ ኅብረት የሚያወራ አንቀጽ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ መሆኑን ይናገራል። መልሱም አዲስ አበባ ነው። ቃሉ ትክክል፣ አንቀጹ ግን የተጠየቀውን አይመልስም፤ ዋና መሥሪያ ቤት የት እንዳለ ማወቅ ድርጅቱ የት እንደተመሠረተ ማወቅ አይደለም። እዚህ ላይ ዕድለኛ ሆኖ ገጠመ እንጂ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም መሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው እንደፈረሙ የሚናገረው አንቀጽ አራተኛ ላይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ትሬክ ላይም መልሱ ትክክል ሆኖ የተጠቀሰው ሰነድ የማይደግፈው ከሆነ ለብቻው ይመዘገብ ነበር፣ ውጤቱም አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ ተደርጎ በሁለት መንገድ ይሰላ ነበር። እኔም እንደዚያው ሁለቱንም እይዛለሁ።

ኤምአርአር ለእንዲህ ዓይነት የዳኝነት ስህተት ከሌሎቹ ይበልጥ ስሱ ነው። ፕሪሲዥን ላይ አንድ የውሸት "አዎ" ከአምስት አንዱን ነው የሚያበላሸው። እዚህ ግን የውሸት "አዎ" አንደኛ ላይ ከተቀመጠ የጥያቄውን ሙሉ ነጥብ ወሰደ፣ ከሥሩ ያለውን ማንም አያይም። ስለዚህ አንደኛ ላይ "አዎ" የተባሉትን በሙሉ በዓይን ማንበብ ግድ ነው። አጫጭር ቁጥር መልስ የሆነባቸውን ደግሞ መጀመሪያ።

ሐሙስ

ዳኛውን አጠበቅኩት። ለቁጥር መልሶች ይሄን ጻፍኩ፦

```python
import re
pat = re.compile(r"(?<!\d)11(?!\d|ኛ)")
```

111ን አይቀበልም፣ 11ኛውንም አይቀበልም፣ "በ11" እና "11ዱ" ያልፋሉ። ግን አማርኛ በዚህ አያበቃም። አንዱ ጸሐፊ "አሥራ አንድ" ይላል፣ ሌላው "አስራ አንድ"፣ ሌላው ደግሞ ፲፩። የፓይተን `\d` የግዕዝ ቁጥሮችን አያውቃቸውም፣ `int("፲፩")` ብትለውም ይጮህብሃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ ሳይሆን የመልሶች ዝርዝር ነው የያዝኩት። ለአድዋ 1888፣ ፲፰፻፹፰ እና 1896 አሉ። የመጨረሻው በፈረንጆቹ ነው፣ አንቀጾቹ ሁለቱንም አቆጣጠር እንደልባቸው ይቀላቅላሉ።

አቆጣጠሩን በአንድ መስመር ኮድ መቀየር ያጓጓል፤ ሰባት ቀንስ፣ አለቀ። የአበበ ቢቂላ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚያስተዛዝበው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሰባት ብትቀንስ 1953 ይመጣል። ግን ዕለቱ ጳጉሜ 5 ነበር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ! ስለዚህ ትክክለኛው 1952 ዓ.ም ነው። አንዲት ቀን ብትዘገይ ሰባት ልክ ይሆን ነበር። የመልሶቹ ዝርዝር ውስጥ 1953 ቢገባ፣ 1952 ብሎ በትክክል የጻፈው አንቀጽ "አይ" ይባልና ዜሮ ያገኛል፣ ጥፋቱም በፈላጊው ላይ ይላከካል። ዓመታቱን በእጄ ሞላኋቸው።

ሐሙስ ማታ

ዳኛው ከተስተካከለ በኋላ ፈላጊውን ነካሁት። ፊደሎቹን አዋሃድኩ፣ ስለዚህ ዓድዋ እና አድዋ አንድ ሆኑ፣ ተመሠረተ እና ተመሰረተም እንደዚሁ። ከቃላቱ መነሻ የ፣ በ፣ ከ፣ ለን ቆረጥኩ፣ ስለዚህ አንቀጹ ውስጥ ያለው "በሮም" ከጥያቄው "ሮም" ጋር ተገናኘ። ውጤቱ፦

አድዋ ከ2 ወደ 1። አበበ ከምንም ወደ 2። ላሊበላ ከ3 ወደ 1። አንድነት ድርጅት እዚያው 4። በላይ ዘለቀ ከ1 ወደ 3።

1 + 0.5 + 1 + 0.25 + 0.333 = 3.083፣ ኤምአርአር 0.617። ከ0.417 ጥሩ ዕድገት ነው። በላላው ዳኛ ባሰላው ግን ከ0.70 ወደ 0.767 ብቻ ነበር የሚሄደው፣ ምክንያቱም ላሊበላና አንድነት ድርጅት ድሮውንም በውሸት አንደኛ ተብለው ነጥባቸውን ጨርሰዋል። ማለትም የላላ ዳኛ ቁጥሩን ከማሳበጡም በላይ የሠራኸውን ሥራ ይደብቅብሃል።

በላይ ዘለቀ ምን ሆኖ ወረደ? ይሄን ለማወቅ አማካዩን ትቼ ጥያቄ በጥያቄ ማየት ነበረብኝ። ቅጥያ ቆራጩ "በላይ"ን አይቶ "በ" ቅጥያ መሰለውና ቆረጠው። ቀረ "ላይ"። "ላይ" ደግሞ በየአንቀጹ አለ፣ ቢኤም25 ለእንዲህ ዓይነት ቃል ምንም ክብደት አይሰጥም። ጀግናው ስሙን አጣ። ቀረ "ዘለቀ"፣ እሱ ደግሞ በሌሎች አንቀጾችም የሚገኝ ስምም ግሥም ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ፊደል የማይተርፍ ከሆነ አትቁረጥ የሚል ነበር። በላይን ያድነዋል። ግን "በሮም" ተቆርጦ የሚተርፈው ሁለት ፊደል ስለሆነ የአበበን ጥያቄ መልሶ ይገድለዋል። በመጨረሻ ሁለቱንም መልክ ማውጫው ውስጥ አስገባሁ፣ የተቆረጠውንም ያልተቆረጠውንም። ማውጫው ወፈረ፣ ለእኔ ስብስብ ግን አይከብድም። በላይ ወደ 1 ተመለሰ፣ ሌሎቹ ቦታቸውን አልለቀቁም፦ 3.75 ለአምስት፣ 0.75።

ዓርብ

ጓደኛዬ ውጤቱን ልኬለት "0.75 ማለት መልሱ በአማካይ አንደኛና ሁለተኛ መካከል ይመጣል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። አይደለም። ይሄ አነባበብ ብዙ ሰው ጋ አለ።

ሁለት ፈላጊዎች በአራት ጥያቄ ሲፈተኑ አስቡ። አንዱ አራቱንም ሁለተኛ ላይ ያመጣል፣ ኤምአርአር 0.5። ሌላው ሁለቱን አንደኛ ላይ ያመጣል፣ ሁለቱን ጨርሶ አያገኝም፣ እሱም 0.5። ለተጠቃሚው ግን እነዚህ ፍጹም የተለያዩ ቦቶች ናቸው። በመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ አንቀጽ ያልፋል፣ መልሱን ግን ያገኛል። በሁለተኛው ግማሹን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኖርበርት ፉር የተባለው የመረጃ ፍለጋ ተመራማሪ መለኪያውን የተቸው ከዚሁ ተነስቶ ነው፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ መውረድ 0.5 ያስከፍላል፣ ከሁለተኛ ወደ "የለም" መውረድም ያው 0.5 ነው፣ ስለዚህ እንዲህ እኩል ያልተሰፈሩ ደረጃዎችን አማካይ መውሰድ አይገባም ይላል። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ አልተስማሙም፣ ክርክሩም አለ። እኔ ፉር ያነሳው ቀዳዳ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፣ መለኪያውን ለመጣል ግን አይበቃኝም።

ተራውን አማካይ ደረጃ ብንወስድስ? እሱ ይብሳል። አራት ጥያቄ አንደኛ ላይ መልሶ አንዱን 96ኛ ላይ ያስቀመጠ ፈላጊ አማካይ ደረጃው 20 ነው። አምስቱንም አሥረኛ ላይ የሚያስቀምጥ ደግሞ 10፣ ስለዚህ "የተሻለ" ይሆናል። ማንም ሰው አሥረኛ አንቀጽ ድረስ ወርዶ አያነብልህም! የአምስቱን ገደብ ትተን በግልባጭ ስናሰላው የመጀመሪያው 0.80፣ ሁለተኛው 0.10 ነው። ጨርሶ ያልተገኘ መልስ ደግሞ ደረጃው ስንት ይባላል? ለአማካይ ደረጃ ቁጥር መፍጠር ሊኖርብህ ነው፣ ለግልባጩ ግን ዜሮ በተፈጥሮው ይገባል፣ ደረጃው እየራቀ ሲሄድ ግልባጩ ወደዚያው ነው የሚሄደውና።

ስለዚህ ኤምአርአርን ብቻውን አላወጣውም። ከጎኑ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ ከጥያቄዎቹ ስንቱ አንደኛ ላይ ተመለሰ፣ ስንቱ ጨርሶ አልተገኘም። ያን ጊዜ ሁለቱ የ0.5 ፈላጊዎች ይለያያሉ።

የጥያቄ ብዛትም ነገር አለ። በአምስት ጥያቄ አንዱ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ቢወጣ ኤምአርአር በ0.1 ይዘላል። በመቶ ጥያቄ ያው ለውጥ 0.005 ነው። ከላይ ያሳየኋችሁ 0.417 እና 0.75 ስሌቱን ለማየት ናቸው እንጂ ስለ ፈላጊው ምንም አያረጋግጡም። በሙሉው ስብስብ ላይ ስንቱ ጥያቄ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ የሚለውን ቆጥሬ ነው አንዱን ለውጥ የምቀበለው ወይም የምጥለው። እንደ በላይ ዘለቀ ያለው የሚገኘውም ከወረዱት ዝርዝር ውስጥ ነው።

ቅዳሜ

ጓደኛዬ አንድ ሐሳብ አመጣ። አምስቱን አንቀጾች ለሰውየው ከመላክ ይልቅ ለአንባቢ ሞዴል እንስጣቸው፣ እሱ አንብቦ መልሱን በአንድ መስመር ይጻፍ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሞክረዋለሁ። ግን እዚያ ከገባን ፈላጊውን በኤምአርአር መለካቴን አቆማለሁ። ሰው ከላይ ወደ ታች አንብቦ ሲያገኝ ይቆማል፣ ሞዴሉ ግን አምስቱንም ይወስዳል። መልሱ አራተኛው ውስጥ ይሁን አንደኛው፣ እስከተሰጠው ድረስ ያገኘዋል፣ ቢያንስ እንዲያገኘው ይጠበቃል። ስለዚህ እዚያ የሚጠየቀው "ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ አለ ወይ?" ብቻ ነው። የአንድነት ድርጅቱ ጥያቄ በኤምአርአር 0.25 ነው፣ በዚህኛው ሙሉ 1።

"የኢትዮጵያ ጎረቤት አገሮች እነማን ናቸው?" ዓይነት ጥያቄዎችንም አውጥቼ ለብቻቸው አስቀመጥኩ። ኬንያን ብቻ የጠቀሰ አንቀጽ አንደኛ ላይ ቢመጣ ኤምአርአር 1 ሰጥቶ ይዘጋዋል፣ ሰውየው ግን ገና አምስት አገር ይቀረዋል። ለእነዚህ ሪኮል እጠቀማለሁ፣ ከሚፈለጉት መልሶች ስንቱ እንደተገኘ የሚለካውን።

ለዋናው ግን ምርጫዬ እንዳለ ነው፦ አንድ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች፣ ሰው የሚያነበው ዝርዝር፣ ኤምአርአር እስከ አምስት፣ በጠበቀ ዳኛ። ለአምስቱ ምሳሌ ጥያቄዎች ሪፖርቱ አሁን ይሄን ያትማል፦

```
MRR@5      0.750
አንደኛ ላይ     3/5
ያልተገኘ       0/5
የወረዱ        0
```

ቀጥሎ የአንድነት ድርጅቱ ጥያቄ ነው። አራተኛ ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል፣ "አፍሪካ" እና "ድርጅት" በየአንቀጹ ስላሉ "አንድነት" ብቻውን ሊጎትተው አልቻለም። ሦስቱን ቃላት እንደ አንድ ስም አስሬ እሞክራለሁ።